የናክ መርፌ በሌለበት ሌሊት፦ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው የአክታውን ታብሌት መጠቀም ይቻላል?

ከዚራ ፋርማሲ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው ማርከሻው ኤን-አሲቲልሲስቲን፣ በእኛ አጠራር ናክ፣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ መርፌው በሚፈለግበት ሌሊት ሁልጊዜ እጅ ላይ አለመገኘቱ ነው። ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው አክታ ለማቅጠን የሚሸጠው፣ በውሃ የሚሟሟው የ600 ሚሊ ግራም ታብሌት ነው።

ጥያቄዬን በምሳሌ ላስቀምጥ። 50 ኪሎ የምትመዝን ወጣት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 20 ፍሬ ውጣለች እንበል። ድሬዳዋ ጤና ጣቢያ የደረሰችው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። መርፌው የለም። ሐረር ሊኖር ይችላል፤ ግን መኪና እስኪገኝ፣ ደንገጎን ወጥቶ እስኪደረስ፣ ካርድ ወጥቶ ሐኪም እስኪያያት ሊነጋ ነው። እዚያው ታብሌቱን አሟሙቶ ማጠጣት ይሠራል ወይ? ስንት ፍሬ? ደግሞስ ጉበቷ የሚያልቅበት ግሉታታዮን ከሆነ ለምን ራሱን ግሉታታዮንን አንሰጣትም?

ዶ/ር ጀጎል · ከምሽቱ 2፡25

ይሠራል። ናክ በአፍም በደም ሥርም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በአፍ መስጠት ከጥንትም የነበረ መንገድ ነው። በውሃ የሚሟሟ የናክ ታብሌት አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ለፓራሲታሞል መመረዝ ተብሎ ተፈቅዷል። ስለዚህ መርፌ ሲጠፋ ታብሌቱን መስጠት በድፍረት የሚደረግ ሙከራ አይደለም።

ምሳሌህን ልያዝ። 20 ፍሬ ማለት 10 ግራም ነው፣ ለ50 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ይመጣል። አንድ ጊዜ ለተወሰደ መጠን ሕክምና የምንጀምርበት መስመር በኪሎ 150 ነው። መስመሩን አልፋለች፤ በደሟ ውስጥ ያለውን ፓራሲታሞል መለካት ካልቻላችሁ ሳትጠብቁ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ መጠን በኪሎ 140 ሚሊ ግራም ነው። ለእሷ 7,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 12 ፍሬ። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ በኪሎ 70 ሚሊ ግራም፣ ለእሷ 6 ፍሬ፣ 17 ጊዜ። ጠቅላላው 114 ፍሬ ይሆናል። ባለ 10 ፍሬ ቱቦ ከሆነ 12 ቱቦ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ፋርማሲ ላይሞላ ስለሚችል የመጀመሪያው መጠን እየተጠጣ ሳለ ሌላ ሰው የቀረውን ማሰባሰብ አለበት።

ሰዓቱን ደግሞ ተመልከቱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከወሰደች 8 ሰዓት የሚሞላት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከተጀመረላት ጉበቷ የመጎዳት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ኤዲንብራ ላይ ፕሬስኮት በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በ10 ሰዓት ውስጥ ናክ ካገኙ 62 ሰዎች ክፉኛ ጉበቱ የተጎዳው አንድ ብቻ ነበር። ከ10 ሰዓት በኋላ ካገኙት 38 ውስጥ ግን 20ዎቹ ተጎድተዋል። ሐረር ደርሳ ጠዋት መርፌ ከምታገኝ እዚያው ሌሊቱን 12 ፍሬ ጠጥታ ብትነሳ ይሻላታል። የመጀመሪያውን ጠጥታ፣ የጠጣችበት ሰዓት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ከዚያ ትላክ።

ገንደ ቆሬ · ከምሽቱ 2፡50

ኧረ አቦ፣ ይህን ሁሉ ፍሬ ከመቁጠር ግሉታታዮን መርፌ አለ እኮ። ቆዳ ለማቅላት የሚወጉት። አንድ አምፑል ደም ሥር ውስጥ ቢገባ የጎደለውን በቀጥታ ይሞላል። እስከዚያው ወተት ጠጥታ ብታስመልስ ጥሩ ነው። ከ8 ሰዓት ካለፈ ግን ናክ ዋጋ የለውም፣ ተነግሮናል፤ ብሩን ባታባክኑ።

ዶ/ር ጀጎል · ከምሽቱ 3፡30

ገንደ ቆሬ፣ ግሉታታዮን መጉደሉ ላይ ትክክል ነህ። አሞላሉ ላይ ነው የምንለያየው። የከዚራ ሁለተኛ ጥያቄም ይኸው ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ጉበት አብዛኛውን ፓራሲታሞል ከሌላ ነገር ጋር አያይዞ ያለ ጉዳት በሽንት ይሸኘዋል። ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ በሌላ ኢንዛይም በኩል አልፎ ናፕኪ የሚባል ተናካሽ ነገር ይሆናል። ናፕኪ ሲወለድ ግሉታታዮን ወዲያው ይይዘውና ያከሽፈዋል። በደንቡ የወሰደ ሰው ናፕኪ መኖሩን ሳያውቅ ይድናል። ብዙ ሲወሰድ ግን ያለ ጉዳት የሚያስወጡት መንገዶች ይጨናነቃሉ፣ ወደ ናፕኪ የሚሄደው ይበዛል፣ ግሉታታዮኑም ከሚመረትበት ፍጥነት በላይ ይወጣል። ክምችቱ ወደ ሲሶ ገደማ ሲወርድ ናፕኪው የሚይዘው አጥቶ የሴሉን ፕሮቲኖች ይነክሳል። ክፉኛ የሚመቱት ጉልበት የሚመረትባቸው ሚቶኮንድሪያዎች ናቸው። እነሱ ሲወድቁ ሴሉ ይሞታል።

ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህን በሮቶ ይረዳዋል። ቤቱ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፣ ውሃው ግን በፈረቃ በቀጭን ቧንቧ ነው የሚመጣው። ቧንቧ ሁሉ ተከፍቶ ሲፈስ ሮቶው ይደርቃል። ግሉታታዮን ከሦስት አሚኖ አሲዶች ይሠራል፤ ሁለቱ በሴሉ ውስጥ ሞልተዋል፣ የሚያጥረው ሦስተኛው ሲስቲን ነው። ቀጭኑ ቧንቧ እሱ ነው። ናክ ወደ ሴሉ ገብቶ አሲቲሉ ሲወልቅለት ሲስቲን ይሆናል፣ ሴሉም ራሱ ግሉታታዮኑን ይሠራል።

ግሉታታዮንን እንዳለ ደም ሥር ብታስገባው ግን የጉበት ሴል በሙሉነቱ አያስገባውም። የጉበት ሥራ ግሉታታዮንን ወደ ውጭ መላክ ነው እንጂ ከውጭ መቀበል አይደለም። ደም ውስጥ የገባው በደቂቃዎች ውስጥ ይሰባበራል። ከጣሪያው በታች በባልዲ ውሃ እንደመድፋት ነው፤ ሮቶው አይሞላም። ስለዚህ ለቆዳ የሚሸጠው አምፑል ማርከሻ አይደለም፤ በእሱ የሚጠፋው ሰዓት ነው የሚያሳዝነው።

ወተቱም ማስመለሱም አይጠቅማትም። የምታስመልስ ሰው የናክ ታብሌቱን መያዝ ያቅታታል፣ ከገባው ፓራሲታሞል ደግሞ አብዛኛው በ4 ሰዓት ውስጥ ተመጥጦ አልቋል። የሚረዳ ነገር ካለ በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ የሕክምና ከሰል ነው።

«ከ8 ሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፣ ይህ አባባል ሰው ያስገድላል። ከ8 ሰዓት በኋላ ጥበቃው ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በ1991 እ.ኤ.አ. ጉበታቸው ወድቆ ለደረሱ ሰዎች ናክ ሰጥተው ያነጻጸሩበት ጥናት አለ፦ ናክ ካገኙት 25 ሰዎች 12 ተረፉ፣ ካላገኙት 25 ደግሞ 5 ብቻ። እነዚህ ናፕኪው ሥራውን ጨርሶ የሄደባቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት ናክ የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ የደም ፍሰትንና የኦክስጅን አጠቃቀምን ያሻሽላል፣ የተጎዱትን ሚቶኮንድሪያዎች ይደግፋል። ዘግይታ የመጣችም ታገኛለች።

ሲስተር ዘ፣ ሐረር · ከምሽቱ 4፡05

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አሰጣጡ ላይ ግን ብዙ ነገር ይበላሻል፣ እሱን ልጨምር።

12 ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አትጣሉ፤ አረፋው ፈልቶ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ትልቅ ማሰሮ ወይም ጆግ ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጋችሁ ሁለት ሁለት ፍሬ ጨምሩ፣ የመጨረሻው ሟሙቶ አረፋው እስኪበርድ ጠብቁ። አረፋው ሳይበርድ የጠጣችው ሆዷ ተነፍቶ ወዲያው ትመልሰዋለች። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ ድኝ ስላለው። ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮካ ቀላቅሉበት፣ ጆጉን ክደኑና በስትሮ ትጠጣ። ሽታው አፍንጫዋ ጋ ካልደረሰ ግማሹ ሥራ ተሠራ።

ከመጠጣቷ በፊት ማስታወክን የሚያቆም መርፌ ስጧት፣ ኦንዳንሴትሮን ወይም ሜቶክሎፕራማይድ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰች ያ መጠን እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ሙሉ በሙሉ ይደገማል። ሁለቴ ከመለሰች በአፍንጫ ቱቦ አስገብታችሁ በግማሽ ሰዓት ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ያን ጊዜም ካልያዘች መርፌው ወዳለበት መሄድ ግድ ነው።

የሟሟውን ታብሌት ግን ማንም በደም ሥር እንዳይሰጥ። ተጠይቄ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያታልለው የልጅቷ መልክ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ታቅለሸልሽ ይሆናል እንጂ ቁጭ ብላ ታወራለች፣ ቤተሰብም «ድናለች፣ እንውሰዳት» ይላል። በሁለተኛው ቀን ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም ይጀምራል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ተመልሰው ይመጣሉ። ቤተሰቡን ቁጭ አድርጋችሁ ይህን ቀን በቀን ንገሩ። ደግሞ ለምን እንደወሰደችው በእርጋታና ለብቻዋ ጠይቋት፣ ሆን ብላ ከሆነ አጠገቧ ሰው አይጥፋ።

ለገሀሬ · ከምሽቱ 4፡20

ስለ መረጃው አመሰግናለሁ። እኔ ይህን ታብሌት ለሳል ታዝዞልኝ እየወሰድኩ ነው። ጉበት የሚያጸዳ ከሆነ ሳሉ ከጠፋም በኋላ በየቀኑ አንድ አንድ ብቀጥል? ቀን ላይ ጫት ስቅም ለሚይዘኝ ራስ ምታት ፓራሲታሞል እወስዳለሁ፣ ከእሱ ጋር አብሬው ብውጠውስ?

ዶ/ር ጀጎል · ከምሽቱ 4፡35

ለገሀሬ ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ መመረዝ ነበር። ናክ ጉበት አያጸዳም፣ ፓራሲታሞልንም ከደም አያወጣም። የጎደለ ሲስቲን ይሞላል፣ ያልጎደለበትን ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም። ሳሉ ሲጠፋ አቁም። የፓራሲታሞሉን ነገር ግን ልብ በል፦ የቃመ ሰው ምሳ አይበላም፣ ያልበላ ሰው ደግሞ የግሉታታዮን ክምችቱ ዝቅ ይላል። በቀን ከ4 ግራም እንዳታልፍ፣ በልተህም ውሰድ።

ሳቢያን ላብ · ከምሽቱ 5፡10

ስለ ሰዓት የተባለው ሁሉ አንድ የማይታይ ጉድጓድ አለው። ሪፈር ወረቀት ላይ «2፡00 ላይ ወስዳለች» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ አቆጣጠር የምሽቱ 2 ነው? ወይስ በፈረንጁ የቀን 2፣ በእኛ የቀኑ 8? ወይስ በፈረንጁ የሌሊት 2፣ በእኛ የሌሊቱ 8? ቤተሰብ በሐበሻ ሰዓት ይናገራል፣ ሠራተኛው አንዳንዴ ቀይሮ ይጽፋል አንዳንዴ እንዳለ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ከ8 ሰዓት መስመር ጋር ሲተያይ 6 ሰዓት መሳሳት ሙሉውን ፍርድ ይገለብጣል። ስለዚህ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለው ቃል ይጻፍ፣ ካልሆነም «ከመምጣቷ 4 ሰዓት ተኩል በፊት» ተብሎ ይጻፍ። የኋለኛው አይሳሳትም።

ከላቦራቶሪ በኩል የማየው ሌላው ስህተት፣ በመጀመሪያው ሌሊት የጉበት ኢንዛይሙ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. ተሠርቶ 28 ሲመጣ «ጉበቷ ደህና ነው» ተብሎ ሕክምናው መቆሙ ነው። ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. የሚወጣው የሞቱ ሴሎች ሲፈሱ ነው፣ ይህም ብዙ ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ ይጀምርና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጫፍ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሌሊት ቁጥር መነሻ ነው፣ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። የጉበቱን የሥራ አቅም የሚያሳየው የደም መርጋት ልኬቱ አይ.ኤን.አር. ነው፤ ከእሱ ጋር ክሪያቲኒንና ስኳር ይሠራ። ስኳር የምለው ጉበቱ መውደቅ ሲጀምር ስኳሯ ድንገት ስለሚወርድ ነው።

ከዚራ ፋርማሲ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

በጣም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ መርፌው ተገኘ እንበል፤ እሱ ላይስ ስህተት የሚበዛው የት ነው? ወደ እኛ የሚመጣው አምፑል በኩባንያው ይለያያል፣ አንዳንዱ 300 ሚሊ ግራም በ3 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንዳንዱ 2 ግራም በ10 ሚሊ ሊትር።

ሲስተር ዘ፣ ሐረር · ከጠዋቱ 3፡00

ስህተቱ እዚያው የጠቀስከው ላይ ነው። አንዱ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 200 ነው። ሚሊ ሊትር በቃል ይዞ የሚቀዳ ሰው ወይ እጥፍ ይሰጣል ወይ ግማሽ። በሚሊ ግራም አስቡ፣ አምፑሉን አንብቡ፣ ከዚያ ቅዱ።

ለ50 ኪሎዋ ሦስቱ ከረጢት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ 7.5 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር የ5 ፐርሰንት ግሉኮስ በአንድ ሰዓት። ቀጥሎ 2.5 ግራም በ500 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት። ከዚያ 5 ግራም በአንድ ሊትር በ16 ሰዓት። የመጀመሪያው ብቻ በትንሹ አምፑል 25 ፍሬ መስበር ነው፤ ሁለት ሰው ይስበር፣ አንዱ ጮክ ብሎ ይቁጠር። በከረጢቶቹ መሃል ክፍተት አይኑር። ሁለተኛው ከረጢት ሳይዘጋጅ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሰዓታት ይባክናሉ፣ በፋይሉ ላይ ግን «21 ሰዓት ተሰጥቷል» ይባላል። ለሕፃናት ደግሞ የውሃው መጠን በኪሎ ይቀነሳል፣ የአዋቂው ሊትር ሶዲየማቸውን ያወርደዋል።

በመጀመሪያው ከረጢት ላይ ፊት ቀልቶ፣ ሰውነት አሳክኮ፣ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ አስም ያለባት ከሆነች ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ይህ መድኃኒቱ በፍጥነት ሲገባ የሚመጣ ነው፣ እንደ ፔኒሲሊን አለርጂ አይታይ። ድሪፑን አቁሙ፣ ፀረ-ማሳከክ መርፌ ስጡ፣ ለደረቷ ሳልቡታሞል አስነፉ፤ ግፊቷ ከወረደ አድሬናሊን። ሲረጋጋ ቀስ ብሎ እንደገና ይጀመራል። በጣም የሚያናድደኝ ካርዱ ላይ «ለናክ አለርጂ» ተብሎ ተጽፎ ማርከሻው እስከ መጨረሻው የቀረባት ሰው ስትመጣ ነው።

መጋላ · ከጠዋቱ 4፡30

ይቅርታ፣ እኔ የጤና ሰው አይደለሁም። እናቴን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዟት ይኸው አራተኛ ቀኗ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ደንጌ ነው ይላል። ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት ፍሬ በየ3 ሰዓቱ ትወስዳለች፣ ሌሊትም ስትነቃ። በመሃል የጉንፋን ታብሌት ወስዳለች። እህል አልቀምስ ብላለች። ትናንት ማታ ጀምሮ ታስመልሳለች። አንድ ጊዜ ብዙ ስላልዋጠች ይህ የምታወሩት እሷን አይመለከትም አይደል?

ዶ/ር ጀጎል · ከጠዋቱ 4፡38

ይመለከታታል፣ ከልጅቷ ይልቅ እሷ ታሳስበኛለች። በየ3 ሰዓቱ ሁለት ፍሬ ማለት በቀን እስከ 16 ፍሬ፣ 8 ግራም ነው። የጉንፋኑ ታብሌት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ፓራሲታሞል አለው፤ ማሸጊያውን ይዘህ ሂድ። አራት ቀን ሳይበሉ ይህን መውሰድ ሮቶው ባዶ ላይ ቧንቧ መክፈት ነው። ፓራሲታሞሉን አሁኑኑ አቁሙ። በረጠበ ጨርቅ አቀዝቅዟት፣ ፈሳሽ ስጧት፤ በምትኩ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጧት፣ ደንጌ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳትና ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ.፣ አይ.ኤን.አር.፣ የደም ፕሌትሌት ይሠራላት። ሐኪሙን «በቀን 8 ግራም፣ አራት ቀን» ብለህ በቁጥር ንገረው። «ማስታገሻ ትወስድ ነበር» ካልከው አይሰማህም። በእንዲህ ያለ አወሳሰድ የፓራሲታሞልን የደም ልኬት ከሰዓቱ ጋር የሚያስተያየው ሰንጠረዥ አይሠራም፤ የሚሠራው አንድ ጊዜ ለተዋጠ ብቻ ነው።

ከዚራ ፋርማሲ · ከጠዋቱ 4፡50

መጋላ፣ የምትወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ይዘህ ሂድ። የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ትወስዳለች?

መጋላ · ከጠዋቱ 4፡54

የግፊት ትወስዳለች፣ እግሯም ያብጣል። እየወጣን ነው።

ከዚራ ፋርማሲ · ከጠዋቱ 5፡05

ይህን የጠየቅኩት ለሌሎቻችሁም ነው። በውሃ የሚሟሟው ታብሌት የሚፈላው ሶዲየም ባይካርቦኔት ስላለው ነው። አንዳንዱ ብራንድ በአንድ ፍሬ 140 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው። በዶክተሩ ስሌት በመጀመሪያው 24 ሰዓት 12ቱና አምስት ጊዜ ስድስት ስድስት፣ 42 ፍሬ ይገባል፤ ወደ 6 ግራም ሶዲየም ማለት ነው። ለወጣቷ ችግር የለውም። ልቧ ለደከመ ወይም ኩላሊቷ ለታመመ እናት ግን ይከብዳል፣ ለእሷ መርፌው ቢገኝ ይመረጣል። ካልተገኘ ግን ሶዲየሙን ፈርቶ ናክ መከልከል አይገባም፤ እብጠቱ በሌላ መድኃኒት ይታከማል።

መጋላ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡20

አስተኝተዋታል። ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. 310፣ ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. 420፣ አይ.ኤን.አር. 1.4 ነበር ትናንት። ፕሌትሌቷ 88 ሺህ። የደንጌ ምርመራውም ፖዘቲቭ ነው። መርፌው ተገኝቶ ማታ ተጀምሮላታል። ዛሬ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. 285 ሆኗል፣ ማስመለሷ ቆሟል። አንዱ ሐኪም ይህ የደንጌው ነው፣ ናኩ አያስፈልግም ነበር አለ፣ ሌላኛው ይቀጥል አለ። ማን ልክ ነው?

ሳቢያን ላብ · ከቀኑ 10፡00

ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. ከኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. በልጦ መምጣቱ ለደንጌ ያደላል፤ በደንጌ የተለመደ ነው። በፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ ሺዎች ውስጥ እናያለን። ግን መጀመሪያ ላይ የተያዘ የፓራሲታሞል ጉዳትም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል በዚህ ብቻ አልፈርድም።

ዶ/ር ጀጎል · ከቀኑ 10፡30

እኔም ከሁለቱ አንዱን ልሸልም አልችልም። እዚህ ከተማ በ2006 ደንጌ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚውጠው ፓራሲታሞል ነበር፤ ሁለቱ ጉዳት በአንድ ጉበት ላይ ሲደራረብ የትኛው ስንት እንደሠራ የሚለይ ምርመራ እጃችን ላይ የለም። ባለ 8 ግራም ታሪክና ከፍ ያለ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. ካለ ግን ናክ መስጠቱ ትክክል ነበር። ለደንጌው ባይረዳ ለሌላው ይረዳል፣ ጉዳቱም በክትትል የሚያዝ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ናክ ራሱ አይ.ኤን.አር.ን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ 1.3 አካባቢ። ነገ 1.3 ቢመጣና ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. እየወረደ ከሆነ አትደንግጡ። ከ2 አልፎ ከወጣ ወይም እናትህ ቃል መቀላቀልና መፍዘዝ ከጀመረች ወዲያው ሐኪም ጥራ።

ገንደ ቆሬ · ከምሽቱ 12፡40

እግዚአብሔር ይማራት። ዶክተር፣ አንድ ልጠይቅ፦ በአፍ ሲሰጥ ያቺ 17 ጊዜ እስከ መጨረሻው መሆን አለባት? መርፌው 21 ሰዓት ብቻ ከሆነ ይኸኛው ሦስት ቀን የሆነው ለምንድን ነው?

ዶ/ር ጀጎል · ከምሽቱ 1፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ባለሙያዎችም አልተስማሙበትም። ሁለቱ አሰጣጦች በተለያየ አገር ለየብቻ የተወለዱ ናቸው፤ ተመዛዝነው የወጡ አይደሉም። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራው ሰዓት መቁጠር ትቶ ሕመምተኛዋን ማየት ነው፦ ፓራሲታሞሉ ከደም ጠፍቶ፣ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. ካልወጣ ወይም ወጥቶ እየወረደ ከሆነ፣ አይ.ኤን.አር.ም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ይቆማል። ይህ ካልሆነ 21ኛው ሰዓት ላይም አይቆምም። እኛ ጋ ግን የመጀመሪያውን መለካት አንችልም ብዬ ነው የማስበው፣ ስለዚህ በአፍ የጀመረችውን 17ቱን እንድትጨርስ እመክራለሁ።

ሲስተር ዘ፣ ሐረር · ከምሽቱ 1፡40

በዚህ አልስማማም ዶክተር። በ48 ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ.ዋ ያልተነቃነቀ፣ ምግብ የምትበላ ልጅ ላይ 12ኛውን ጆግ በግድ ማጠጣት ልጅቷን ከክፍሉ ያስኮበልላታል። ያልጨረሰች ከምትጠፋ በምርመራ ተቆጣጥሮ በጊዜ ማቆም ይሻላል። በ8 ሰዓት ውስጥ ለጀመረች ብቻ ነው የምለው፤ ዘግይታ ለጀመረች ከአንተ ጋር ነኝ።

ከዚራ ፋርማሲ · ከምሽቱ 2፡05

ሁለታችሁንም ጽፌያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ 12 ቱቦ በአንድ ካርቶን ለብቻው አስቀምጫለሁ። ላዩ ላይ በኪሎ የሚሰጠውን ፍሬ ለጥፌያለሁ፦ 40 ኪሎ መጀመሪያ 10 ከዚያ 5፣ 50 ኪሎ 12 ከዚያ 6፣ 60 ኪሎ 14 ከዚያ 7። ከታች ደግሞ «የወሰደችበት ሰዓት፦ ከመምጣቷ ስንት ሰዓት በፊት?» የሚል ባዶ መስመር አለው። የሌሊት ስልኬን የሚያውቅ ጤና ጣቢያ በማንኛውም ሰዓት ይደውል።

መጋላ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. 190፣ አይ.ኤን.አር. 1.3። ገንፎ በልታለች።